ሦስቱ እንቁላል የት ገቡ?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ። ደሴ ውስጥ 2ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 62 ልጆች አሉ፣ ያለን የሥዕል መጽሐፍ ግን አንድ ብቻ ነው፤ 16 ገጽ አለው። ለምለም የምትባል ልጅ አያቷ አሥር እንቁላል አስይዘዋት ገበያ የምትወርድበት ታሪክ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብላቸውና የማስታወስ፣ የመረዳትና የአስተያየት ጥያቄዎች አዘጋጅቼ እንድገባ ተነገረኝ። አሥራ አምስት ጥያቄ ጽፌ ገባሁ። የመጀመሪያዎቹን ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኾ መለሰ፤ ቀጥለው ላሉት ጸጥ አሉ። በመጨረሻ «ታሪኩን ወደዳችሁት?» ስል «አዎዎዎ» ብቻ ሆነ። ገጾቹን በስልኬ አንስቼ ከጥያቄዎቼ ጋር ልኬልዎታለሁ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?
(የ2ኛ ክፍል መምህርት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የከፈትኩት ፎቶዎቹን ነበርና ያ ውሻ አሳቀኝ። ገጽ 2 ላይ በሩ ሥር ተኝቷል። ገጽ 4 ላይ ለምለምን ተከትሎ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ገጽ 7 ላይ ጭራው ብቻ ከቅርጫቱ ጀርባ ይታያል። ገበያ ሲደርሱ ደግሞ አፉን ይልሳል። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ብታነቢው ግን «ውሻ» የሚል ቃል የለም። ከዚያ ጥያቄዎችሽን አየሁ፤ አሥራ አምስቱም ውስጥ ውሻው የለም።

የሳትሽው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ጥያቄዎቹን ያወጣሽው እንደ ተራ ምንባብ ጽሑፉን ብቻ ይዘሽ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ታሪኩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹን ቃሉ ይናገራል፣ ግማሹን ሥዕሉ ይዞ ዝም ይላል። የመረዳት ጥያቄ የሚወለደው ሁለቱ በማይገጥሙበት ቦታ ላይ ነው። ልጆቹ ጸጥ ያሉት መልሱ የተቀመጠበትን ቦታ ስላላዩት ነው፤ ከኋላ የተቀመጠውማ ሥዕሉን ጭራሽ አላየውም።

አንድ ጥያቄ ከየትኛው ደረጃ እንደሆነ ለመለየት እኔ ጣቴን ነው የምጠቀመው። መጽሐፉን ከፍቼ «መልሱን በጣቴ ልንካው» እላለሁ። አንድ ቦታ ነክቼ ካገኘሁት የማስታወስ ጥያቄ ነው። ሁለት ቦታ መንካትና ሁለቱን በጭንቅላቴ ማገናኘት ካስፈለገኝ የመረዳት ጥያቄ ነው። መጽሐፉን ነክቼ ስጨርስም የራሴን ሚዛን ካልጨመርኩበት የማይመለስ ከሆነ የአስተያየት ጥያቄ ነው። የጥያቄው ቃል ያሳስታል። አንቺ «ለምን» የሚል ቃል ያለባቸውን በሙሉ ከመረዳት ጥያቄዎች ጋር መድበሻቸዋል። ስድስተኛው ጥያቄሽ «ለምለም ለምን ወደ ገበያ ሄደች?» ይላል። ገጽ 3 ላይ ግን አያቷ «ጨው አልቋል፤ ይህን ሸጠሽ ጨው ግዥ» ብለዋታል። ጣትሽን እዚያ ላይ ብታሳርፊ መልሱ አለቀ፤ እንግዲህ የማስታወስ ጥያቄ ነው። ዘጠነኛው «ለምለም እንቁላሎቹን ስትቆጥር ለምን ደነገጠች?» ይላል። መደንገጧን ጽሑፉ አልተናገረም፤ አንቺ ነሽ ከፊቷ አንብበሽ የነገርሻቸው። ልጆቹ ሊሠሩት የሚገባውን ሥራ ሠርተሽ፣ ትርፍራፊውን ለእነሱ ሰጠሻቸው። አሥራ አንደኛው «ጨው ምን ይጠቅማል?» ደግሞ መጽሐፉን ያልሰማ ልጅም ይመልሰዋልና ከነጭራሹ አውጪው።

እስኪ ገጽ 6 እስከ 9ን አብረን እንሥራው፤ የታሪኩ ሆድ እዚያ ነው። ገጽ 6 እንዲህ ይላል፦ «የአንድ ሽማግሌ አህያ ጭነቷ ተንዶባት ቆማ ነበር። ለምለም ቅርጫቷን አስቀመጠችና አብራቸው ጫነች።» ገጽ 8 ይቀጥላል፦ «ገበያ ደረሰች። ቅርጫቷን ገልጣ እንቁላሎቹን ቆጠረች። ሰባት ናቸው።» ከዚህ ሌላ አንድም ቃል የለም። ሦስቱ የት እንደገቡ ደራሲው አልነገረንም። ሥዕሉ ላይ ግን ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ጭድ ቢጫ ነክቶታል፣ ውሻው ደግሞ አፉን እየላሰ ነው።

የማስታወስ ጥያቄ ሥራው እዚህ ላይ ይገባሻል። ሰባት መሆናቸው ምንም የሚለው አሥር እንደነበሩ ለሚያስታውስ ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ገጽ 3 ላይ ቆም ብለሽ «አያቷ ስንት እንቁላል ሰጧት?» ትያለሽ፤ ገጽ 6 ላይ «አህያዋን ስትጭን ቅርጫቱን የት አደረገችው?» ትያለሽ። እነዚህ ሁለቱ ገጽ 8 ላይ የሚፈለጉ ዕቃዎች ናቸው። «የለምለም ሻሽ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» የሚለው ጥያቄሽ ግን የትም አያደርስም። በማስታወስ ደረጃ ጥያቄ ስትመርጪ «ይህንን ቢረሱት ቀጥሎ ምን ይጠፋቸዋል?» ብለሽ መርምሪው፤ ምንም የማይጠፋቸው ከሆነ ሰርዢው። ከአሥራ አምስቱ አሥራ አንዱ እንዲህ ናቸው።

ከዚያ ዋናው ይመጣል፦ «ሦስቱ እንቁላል የት ገቡ?» ወዲያው ከእሱ ጋር የማይነጣጠል ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ «ምኑን አይተሽ አወቅሽ?» ይህን ሁለተኛውን ከተውሽ፣ መልሱ በዕድል የተገኘ ይሁን በመረዳት መለየት አትችዪም።

የሚመጡልሽን መልሶች አሁኑኑ ልነግርሽ እችላለሁ። አንዱ «አህያዋ ረገጠችው» ይላል። አንዷ «ሽማግሌው ወሰዱት» ትላለች። እናቷ ሰኞ ገበያ እንቁላል የምትሸጥ ልጅ ካለችሽ ደግሞ «ሦስቱ ገምተው ነው» ትልሻለች፤ ገዢ እንቁላሉን ጆሮው ሥር ሲነቀንቅ፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ ሲያይ አድጋለችና እውቀቷ የራሷ ነው። (ሰሌዳ ላይ ስትጽፊው ተጠንቀቂ። እንቁላሉ ገምቶ፣ ልጁም ገምቶ፣ ፊደሉ አንድ ነው። ጮክ ብለሽ ስታነቢ ምን ጠብቆ ምን እንደሚላላ ቀድመሽ ካልለየሽ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። እንደ «ይበላል» ያሉ ቃላት ሥር ቤት ሆነሽ በእርሳስ ምልክት አድርጊ።)

ለእነዚህ መልሶች «ስህተት» አትበይ፤ «ጎበዝ» ብለሽም አትለፊያቸው። ወደ ገጹ ነው የምትመልሻቸው። «አህያዋ ረገጠችው» ላለው ገጽ 7ን ገልጠሽ «የአህያዋን እግር አሳየኝ። ቅርጫቱስ የት ነው? ተጨፍልቋል?» በዪው። ቅርጫቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አህያዋም ከእሱ ርቃለች፤ ልጁ ራሱ ይተወዋል። ሽማግሌው ሁለት እጃቸው ጭነቱ ላይ ነው። የገማ ነው ያለችዋን ደግሞ «ለምለም ስትቆጥር ገዢ መጥቶ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያት፤ ገዢ ገጽ 10 ላይ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ አንዱ ከቢጫው ጭድ ይነሳል፣ ሌላው የውሻውን ጭራ ያገኛል፣ ሦስተኛው ምላሱን ያያል። አንዱ ፍንጭ ብቻውን አይበቃም፤ ጭዱ እንቁላል መሰበሩን እንጂ ማን እንደሰበረው አይናገርም። ሁለቱን ሲያገናኙ ድምፃቸው ሲለወጥ ትሰሚዋለሽ።

ይህን የምነግርሽ እኔም ራሴ ተሳስቼበት ስለማውቅ ነው። ያኔ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን መልሱን ጽፌ ነበር የምገባው። ስለ አንድ ሌላ ታሪክ «ልጁ ምን ተሰማው?» ብዬ ስጠይቅ አንዲት ተማሪ «አፈረ» አለችኝ፤ የእኔ ወረቀት ላይ «ፈራ» ይላል። «አይደለም» ብዬ ወደ ሌላ ልጅ አለፍኩ። ሥዕሉን በኋላ ሳየው ልጁ አንገቱን ደፍቷል፤ ከእኔ መልስ የእሷ ይቀርብ ነበር። ያች ልጅ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን እጇን አላወጣችም። ከዚያ ወዲህ ከጥያቄው ጎን የምጽፈው መልሱን ሳይሆን ማስረጃው ያለበትን ቦታ ነው፦ «ገጽ 7 ጭራ፤ ገጽ 9 ጭድ፣ ምላስ»። ልጁ ሌላ መልስ ቢያመጣና እነዚህን ማስረጃዎች ካላፈረሰ፣ መልሱ ይቆማል።

አሁን ወደ ቀኖቹ። ሁሉንም በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስገባትሽ ራሱ ጥያቄዎቹን ገድሏቸዋል። ያንኑ መጽሐፍ ሦስት ቀን አንብቢላቸው፣ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ያህል። የመጀመሪያው ቀን ለታሪኩ ነው፤ ሁለቱን የማስታወስ ጥያቄዎች ብቻ እየጠየቅሽ እስከ መጨረሻው ውሰጃቸው። አንዱ ከመሃል «ውሻው! ውሻው!» ብሎ ይጮኻል። አትመልሺለት፤ «ነገ እናየዋለን» በዪውና ቀጥዪ። ሁለተኛው ቀን ገጽ 6 እስከ 9 ላይ ትቆያለሽ። ሦስተኛው ቀን የአስተያየቱ ነው። ለሦስት ቀን በጠቅላላው ስድስት ጥያቄ ይበቃል። እነሱንም በደብተርሽ ሳይሆን በትንንሽ ወረቀት ጽፈሽ በየገጹ መሃል አስገቢያቸው፤ ገጹን ስትገልጪ ጥያቄው ራሱ እጅሽ ላይ ይመጣል። ተቆጣጣሪው የትምህርት ዕቅድሽን ሲጠይቅሽ መጽሐፉን ከነወረቀቶቹ አሳዪው።

የአስተያየት ጥያቄ ላይ ብዙዎቻችን እንወድቃለን። «ወደዳችሁት?» አዎ ወይም አይ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ መምህርቷ ደስ እንዲላት ምን ማለት እንዳለባቸው ልጆቹ ያውቃሉ። «መዋሸት ጥሩ ነው?» ብትያቸውም 62ቱም «አይደለምምም» ይሉሻል፤ እሱን ከቤት ይዘውት የመጡት ነው፣ ከመጽሐፉ አልመጣም። የአስተያየት ጥያቄ ሁለት ወገን ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም ወገን ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ የሚደገፍበት ነገር ማግኘት አለበት። ይህ መጽሐፍ ያንን አዘጋጅቶልሻል። ገጽ 14 ላይ፦ «‹ያለውን ሁሉ ሸጥሽ?› አሉ አያቷ። ‹ያለውን ሁሉ ሸጥኩ› አለች ለምለም።» ሥዕሉ ላይ ዓይኗን መሬት ተክላለች።

ጥያቄው ይኸው፦ «ለምለም ዋሸች ወይስ አልዋሸችም?» ቃሏን ከያዝነው እውነት ነው፤ ሰባት ነበሯት፣ ሰባቱንም ሸጠች። ዓይኗን ከያዝነው ግን የደበቀችው ነገር አለ። «ዋሸች» የሚሉት ወደ መስኮቱ፣ «አልዋሸችም» የሚሉት ወደ በሩ ጠጋ ይበሉ። ቦታ ከጠበበሽ ባሉበት ሆነው አንዱ ወገን እጁን ደረቱ ላይ፣ ሌላው ራሱ ላይ ያድርግ። ከዚያ ሰሌዳ ላይ ይህን ጻፊላቸው፦ «ለምለም . . . ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም መጽሐፉ ላይ . . .» የ2ኛ ክፍል ልጅ «ምክንያቱም» ላይ ደርሶ ይቆማል፤ «መጽሐፉ ላይ» የሚለው ነው ወደ ገጹ ገፍቶ የሚመልሰው። «ዋሸች፣ ምክንያቱም ውሸት ኃጢአት ነው» ካለሽ ሐሳቡን ተቀብለሽ «መጽሐፉ ላይስ ምን አየህ?» በዪው። አንዱ የጓደኛውን ምክንያት ሰምቶ ከመስኮት ወደ በር ቢሄድ አትከልክዪው፤ እንዲያውም «ምን ብትሰማ ነው የሄድከው?» ብለሽ ጠይቂው። አንቺ ግን ወገን አትያዢ። የት እንደቆምሽ ካወቁ ሁሉም ወዳንቺ ይመጣሉ።

ስለ ጩኸቱ። በአንድ ድምፅ መመለስ የተለማመዱት ነገር ነው፤ በቁጣ አይለቅም። ልጆቹ ለሒሳብ መቁጠሪያ ብለው የሚሰበስቡት ቆርኪ ይኖርሻል። 62 ቆርኪ ላይ የስም መጥሪያ ቁጥራቸውን ጽፈሽ ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሪ። ጥያቄውን ትጠይቂያለሽ፣ እጅ የሚያወጣ የለም፣ ሁሉም ለአጠገቡ ልጅ በሹክሹክታ ይነግራል፣ ከዚያ አንድ ቆርኪ ታወጫለሽ። ቁጥር የወጣበት ልጅ ከጓደኛው ጋር አንዴ ስለተናገረው አይደነግጥም፤ ካፈረም «ጓደኛዬ እንዲህ አለች» ማለት ይችላል። ለማስታወስ ጥያቄ ግን ቆርኪም ሹክሹክታም አያስፈልግም፤ ፈጥነሽ እለፊ።

ከጥያቄሽ በኋላ ዝም ማለትንም ልመጂ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) የመምህራንን ድምፅ ቀድታ ስትለካ፣ አብዛኛው መምህር ከጠየቀ በኋላ የሚጠብቀው አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያደርጉት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ጭራሽ የማይመልሱትም ቀነሱ። ዝምታው ሁለት ቦታ ነው፤ ከጥያቄሽ በኋላና ከልጁ መልስም በኋላ። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። ልጁ «ውሻው በላው» ብሎ ሲያበቃ «ጎበዝ!» ለማለት ምላስሽ ይበላሻል። ሦስት ቁጠሪ፤ «ጭዱም ቢጫ ነው» የሚለው ያን ጊዜ ይመጣል።

ሥዕሉ ለ62 ልጅ አለመታየቱ ግን በጥያቄ የሚፈታ አይደለም። ያ የውሻ ጭራ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ አይለይም። ሁለተኛው ቀን ክፍሉን ለሁለት ክፈዪው። ግማሹ ተቀምጦ ለምለምን ከነቅርጫቷ ደብተሩ ላይ ይሥላል፣ ግማሹ ወደ ፊት መጥቶ ወለሉ ላይ አንቺን ከቦ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። መጽሐፉን ደረትሽ ላይ አታድርጊው፤ ከጎንሽ በልጆቹ ዓይን ትክክል ያዢውና መጀመሪያ ሥዕሉን ከግራ ወደ ቀኝ ዝም ብለሽ አሳዪ፣ ከዚያ አንብቢ። እያነበብሽ ካሳየሽ ጆሮና ዓይን ይሻማሉ። ገጽ 7ንና 9ን የአሮጌ ካሌንደር ጀርባ ላይ አጉልተሽ ብትሥያቸው ደግሞ ግርግዳ ላይ ለሳምንት ይቆዩልሻል። ሥዕል አልችልም ካልሽ ቅርጫቱን፣ ጭራውንና ምላሱን ብቻ ሣዪ፤ የሚፈለጉት እነሱ ናቸው።

ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲጀምር ድምፅሽ ከመጀመሪያው ረድፍ አያልፍም፤ መጮህ ደግሞ ለምለምን የተቆጣች፣ አያቷንም የሚያስፈሩ ያስመስላቸዋል። ያን ቀን ንባቡን ተዪውና ሥዕሉን ብቻ ይዘሽ በረድፎቹ መሃል ዙሪ።

የመጨረሻዋ ገጽ ቀረች። «አያቷ ጨዉን ተቀበሉ። ወደ በሩ አዩና ሳቁ።» ሥዕሉ ላይ በሩ ጋ ውሻው ተቀምጧል፣ አገጩ ቢጫ ነው። አንቺ እዚህ ላይ አራት ጥያቄ ጽፈሻል። አራቱንም አውጫቸው። ገጹን አንብቢና መጽሐፉን ክፍቱን ይዘሽ ዝም በዪ። ደወሉ እስኪደወል አንዱ ለሌላው «አወቁ! አያቷ አወቁ!» ሲለው ካልሰማሽ፣ በማግስቱ ገጽ 9ን እንደገና ክፈቺ።